ነጠላው ራሱ ይታይ፦ በኤአይ የተሠራ የምርት ምስል ገዢን እንዳያሳስት የአሠራር መመሪያ

ባሕር ዳር ላይ ነጠላና ጋቢ በቴሌግራም የሚሸጥ ሰው ዛሬ ስቱዲዮ መከራየት የለበትም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ያነሳውን ፎቶ ለኤአይ ፕሮግራም ሰጥቶ «ጣና ዳር የቆመች ሴት ትልበሰው» ብሎ ቢጽፍ በደቂቃ ውስጥ የሚያምር ምስል ይወጣለታል። ችግሩ ሴትዮዋ የለበሰችው የእሱ ነጠላ አለመሆኑ ነው። ጥለቱ ሰፍቶ፣ ቀለሞቹ ቦታ ተለዋውጠው፣ ተራው ክር እንደ ወርቀ ዘቦ እያብለጨለጨ፣ ስሱ ሸማ እንደ አንሶላ ደፍኖ ይገኛል። አዲስ አበባ ወይም ዋሽንግተን ያለችው ገዢ ግን ገንዘቧን የምትልከው ያንን አይታ ነው።

እዚህ የምናሳየው አሠራር በአንድ ጥለት ባለው ነጠላ ላይ የተመሠረተ ነው፤ ለጋቢም ለቀሚስም ይሆናል። መነሻው አንድ ደንብ ነው፦ የዕቃው አካል ሁሉ ከካሜራ ይምጣ፤ ፕሮግራሙ የሚፈጥረው በዕቃው ዙሪያ ያለውን ብቻ ይሁን።

ፕሮግራሙ ጥለቱን ለምን ይቀይረዋል?

ምስል ፈጣሪ ፕሮግራም ፎቶውን አይቶ አይቀዳም፤ እንደ አዲስ ይስለዋል። ስቴብል ዲፊዩዥን በሚባለው ሞዴል አሠራር ፎቶው መጀመሪያ ይጨመቃል፤ 8 በ8 ፒክስል የሆነው እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ አንድ ነጥብ ይወርዳል፤ ሥራው ሲያልቅ እንደገና ይዘረጋል። ከዚያ ቁራጭ የሚያንስ ዝርዝር፣ ለምሳሌ የድርና የማጉ መተላለፊያ ወይም በጥለቱ መካከል ያለች አንዲት ቀጭን መስመር፣ ሲዘረጋ የሚመለሰው በግምት ነው። ፕሮግራሙ ብዙ ጥለቶችን አይቷል፤ ስለዚህ ግምቱ «ጥለት የሚመስል ነገር» ይሆናል እንጂ ሸማኔው የሠራው ጥለት አይሆንም።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ አለ። «ነጠላውን አትንካ፣ ዳራውን ብቻ ለውጥ» ብላችሁ ነጠላውን በማስክ ብትሸፍኑትም በብዙ ፕሮግራሞች ሙሉው ምስል በዚያው መጨመቂያ ውስጥ ያልፋል። ከሩቅ ሲያዩት ያልተነካ ይመስላል፤ አጉልተው ሲያዩት ክሮቹ ተድበስብሰዋል። መፍትሔው በኋላ እንደምናየው ዋናውን ነጠላ መልሶ ከላይ መለጠፍ ነው።

ከፎቶ በፊት፦ የዕቃው ወረቀት

ምስል ከመሥራታችሁ በፊት ገዢ የሚከፍልባቸውን ነገሮች በወረቀት ላይ ጻፉ። ለእኛ ምሳሌ የሚሆነው ነጠላ እንዲህ ነው እንበል፦ ርዝመቱ 2 ሜትር ከ40፣ ወርዱ 1 ሜትር ከ20፣ የጥለቱ ስፋት 7 ሴንቲሜትር፤ የጥለቱ ቀለም ከዳር ወደ መሐል አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ጥቁር ሰማያዊ፤ ክሩ ተራ ጥጥ፣ ወርቀ ዘቦ የለበትም፤ ሸማው ስስ፣ እጅ ከበስተኋላው ቢደረግ የሚታይ፤ ነጭነቱ ወደ ክሬም የሚያደላ፤ ሁለቱም ጫፎች በእጅ የተቋጩ።

ይህ ወረቀት ኋላ ምስሉ የሚፈተሽበት መለኪያ ነው። ዕቃው ከአጠገባችሁ ከሄደ በኋላ፣ ወይም ምስሉን የሚሠራላችሁ ሌላ ልጅ ከሆነ፣ ጥለቱ ስንት ቀለም እንደነበረው የሚያስታውስ አይኖርም። የሚያምረው ምስል የእውነቱን ቦታ የሚወስደው እንዲህ ነው።

ፎቶው

አራት ፎቶ ይበቃል። አንደኛው ሙሉው ነጠላ ተዘርግቶ ከላይ የተነሳ። ሁለተኛው ጥለቱ በቅርብ፣ ሜትር አጠገቡ ተደርጎ። ሦስተኛው ነጠላው ወደ ብርሃን ተይዞ ከኋላው እጅ እየታየ፤ ስስነቱን የሚናገረው ይህ ነው። አራተኛው ሰው ለብሶት። የሱቁ ልጅ ወይም ጎረቤት ትልበሰው፤ ፊቷ እንዲታይ ካልፈለገች ከአገጭ በታች አንሱ።

ብርሃኑን በተመለከተ የባሕር ዳር ፀሐይ በቀጥታ ነጭ ሸማ ላይ ስታርፍ ክሩን ሁሉ ታጠፋዋለች፤ ስለዚህ ጥላ ውስጥ አንሱ። የጥላው ዓይነት ግን ይለያያል። በሰማያዊ ሸራ ሥር ያነሳችሁት ነጭ ነጠላ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል፣ ቀለም ከተቀባ ግድግዳ አጠገብም የግድግዳውን ቀለም ይይዛል። የነጭ ግድግዳ ጥላ ወይም ፀሐይ በቀጥታ የማትገባበት መስኮት ብርሃን ይሻላል። ከነጠላው አጠገብ አንድ ነጭ የጽሕፈት ወረቀት አስቀምጡ፤ ቀለሙን ስታስተካክሉ ወረቀቱ ነጭ እስኪሆን ድረስ ብቻ አስተካክሉ፤ ነጠላው ክሬም ከሆነ ክሬም ሆኖ ይቅር።

ስልኩ ራሱም ጣልቃ ይገባል። የማስዋቢያውን ቅንብር አጥፉ። ከበስተኋላ የሚያደበዝዘውን Portrait የሚባለውን አትጠቀሙ፤ የተቋጨውን ጫፍ ዳራ መስሎት ያደበዝዘዋል። በጣት እየለጠጡ ከማጉላትም ቀረብ ብሎ ማንሳት ይሻላል።

ዳራውን ብቻ መሥራት

አሁን አራተኛውን ፎቶ፣ ሰው የለበሰውን፣ ይዘን ጣና ዳር እናውጣው እንበል። በነጻ የሚገኙት የፎቶ ማስተካከያ ፕሮግራሞች GIMP ወይም Photopea ለዚህ ይበቃሉ።

መጀመሪያ ዋናውን ፎቶ ሳትነኩት በሌላ ስም ቅጂ አድርጉ። በቅጂው ላይ ሴትየዋንና ነጠላውን ከዳራው ቁረጡ። አውቶማቲክ መቁረጫ ትጠቀሙ ይሆናል፤ ነገር ግን ነጠላ ላይ ሁለት ቦታ ይሳሳታል። አንደኛ የተቋጩትን ጫፎች ይበላቸዋል፤ ጫፉ እንደ መቀስ የተቆረጠ ሆኖ ይቀራል። ይህን በብሩሽ ማስክ ላይ በእጅ መልሱት፤ አሥር ደቂቃ ቢወስድም መልሱት። ሁለተኛ ስሱ ሸማ ከኋላው የነበረውን ግድግዳ አሳልፎ ያሳያል። ግድግዳው ሮዝ ከነበረ ሐይቅ ፊት የቆመው ነጠላ በውስጡ ሮዝ ይታይበታል። ይህን ሲያዩ ብዙዎች ሸማውን ነጭ ቀብተው ይደፍኑታል፤ ያኔ ስሱ ነጠላ ወፍራም ጨርቅ ሆነ ማለት ነው። ትክክለኛው መንገድ ከመጀመሪያው በቀለሙ ከምትፈልጉት ዳራ ጋር የሚቀራረብ ግድግዳ ፊት ማንሳት ነው። ግራጫ ወይም ደብዘዝ ያለ ሰማያዊ ለሐይቅ ይሆናል።

ዳራውን ለብቻው አስፈጥሩት፤ ነጠላውን ለፕሮግራሙ አታሳዩት። የብርሃኑን አቅጣጫ ግን ንገሩት፤ ፎቶው ላይ ብርሃን ከግራ ከመጣ ዳራውም ከግራ ይብራ። ከዚያ የተቆረጠውን ነጠላ በሌየር፣ ማለትም በላዩ በሚደረብ ሌላ ንጣፍ፣ ከዳራው በላይ አድርጉ። መጠን የማይገጥም ከሆነ ዳራውን አሳንሱ ወይም አስፉ እንጂ ነጠላውን ወደ አንድ ወገን ብቻ አትጎትቱት፤ ጥለቱ ያኔ ነው የሚሰፋው። ከእግር ሥር ትንሽ ደብዛዛ ጥላ ማከል ይቻላል። «አዋህድልኝ» ወይም «አሳምርልኝ» የሚለውን ቁልፍ ግን አትጫኑ፤ ያ ቁልፍ ነጠላውን እንደገና ያስስለዋል፣ የደከማችሁበትም ሁሉ ይጠፋል።

ስልክ ላይ ያለ አንድ ፕሮግራም ሁሉንም በአንዴ ሠርቶ ከሰጣችሁ መቁረጡ ይቀርላችኋል፤ መፈተሹ ግን አይቀርም።

መፈተሽ

ሦስት ፍተሻ አለ፤ ሦስቱም የእጅ ሥራ ናቸው።

የመጀመሪያው ልዩነትን ማየት ነው። ዋናውን ፎቶና የተሠራውን ምስል በሁለት ሌየር አንዱን በአንዱ ላይ አድርጉ፤ ነጠላዎቹ እንዲገጣጠሙ አስተካክሉና የላይኛውን ሌየር ዘዴ Difference ወደሚለው ለውጡ። ሁለቱ አንድ የሆኑበት ቦታ ጥቁር ይሆናል። ብሩህነቱን ጨምሩና ነጠላው ያለበትን ተመልከቱ። በፎቶ መጨመቅ ምክንያት እዚህም እዚያም ደብዛዛ ግራጫ ጭረት ሊታይ ይችላል፤ ይህ ምንም አይደለም። የጥለቱ መስመሮች ቀለም ይዘው ከጥቁሩ ውስጥ ከወጡ ግን ጥለቱ እንደገና ተስሏል። ያኔ ምስሉን ማስተካከል አያዋጣም፤ ዋናውን ነጠላ ቆርጣችሁ ከላይ ለጥፉበት።

ሁለተኛው ልኬት ነው። ይህ የሚያስፈልገው በተለይ ሰው የለበሰው ሙሉ በሙሉ በኤአይ ሲሠራ ነው። ምስሉ ላይ የቆመችው ሴት ከራስ እስከ እግር 1280 ፒክስል ናት እንበል፤ ቁመቷን 160 ሴንቲሜትር ብትይዙ ለአንድ ሴንቲሜትር 8 ፒክስል ይደርሳል። የጥለታችን ስፋት 7 ሴንቲሜትር ስለሆነ 56 ፒክስል ገደማ መሆን ነበረበት። ለክተን 112 ካገኘን ምስሉ 14 ሴንቲሜትር ጥለት እያሳየ ነው፤ የዕቃውን እጥፍ። ሰፊ ጥለት ዋጋው ሌላ ነው፤ ይህ ገዢው የከፈለበት ሳይሆን የተታለለበት ልዩነት ነው። ጨርቁ ጎንበስ ወይም ዞር ስላለ ጥቂት ፒክስል ቢቀንስ ያስኬዳል፤ እጥፍ መሆን ግን በመዞር አይመጣም።

ሦስተኛው ቀለምና ብልጭታ ነው። በቀለም መልቀሚያው መሣሪያ ከሁለቱም ምስል ላይ የነጠላውን አንድ ቦታ ንኩ። መሣሪያው የቀይ፣ የአረንጓዴና የሰማያዊ መጠን በቁጥር ያሳያል፤ በዋናው 238፣ 232፣ 218 ተነቦ በተሠራው 252፣ 252፣ 253 ከሆነ ክሬሙ ሸማ ታጥቦ እንደ ወረቀት ነጥቷል። ጥለቱን ደግሞ ወደ መቶ በመቶ አጉልታችሁ እዩት። በተራ ጥጥ ላይ ነጫጭ የብርሃን ነጠብጣቦች ካያችሁ ፕሮግራሙ ወርቀ ዘቦ ጨምሯል። ቢጫ ክር ባለበት ጥለት ላይ ይህ ስሕተት ይበዛል፤ ቢጫን ወርቅ አድርጎ የመሳል ዝንባሌ አለው።

ቀለሙን በፕሮግራም ብቻ ለውጦ መለጠፍም ከዚሁ ይቆጠራል። አረንጓዴ ጥለት ያለውን ፎቶ ቀይ አድርጋችሁ «ቀዩም አለ» ካላችሁ፣ ቀዩ ተሸምኖ መደርደሪያ ላይ መኖር አለበት። ካልተሸመነ «በትዕዛዝ ይሠራል፤ ምስሉ የቀለም ማሳያ ነው» ተብሎ ይጻፍ፤ የተቀባው ቀይና የሸማኔው ቀይ ክር መቼም አንድ አይሆኑም።

ዳራውም ይናገራል

ነጠላው ሳይነካ እንኳ ዳራው ሊዋሽ ይችላል። ከነጠላው ኋላ ጉድጓድ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያ የሚወረውር ሸማኔ ካስፈጠራችሁ «ይህ በእጅ የተሸመነ ነው» ማለታችሁ ነው። ሸማው ከፋብሪካ ጣቃ ተቆርጦ ጥለት ብቻ የተሰፋበት ከሆነ ያ ምስል ሐሰት ነው፤ ሥሩ «ዳራው በኤአይ የተሠራ» ብሎ መጻፍም አያድነውም። ገዢው የሚረዳው ዳራው መሳሉን እንጂ ሸማኔው አለመኖሩን አይደለም። ሸማኔ ማሳየት ከፈለጋችሁ ያንኑ ነጠላ የሠራውን ሰው በፈቃዱ ከነመሣሪያው አንሱት። በኤአይ የተሳለ የሸማኔ መሣሪያ ብዙ ጊዜ ድሩ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚደርስ አይታወቅም፤ ሙያውን የሚያውቅ ሰው በአንድ ዓይን ይለየዋል።

የዘጌ ገዳማትን፣ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን የመሰለ ቦታ፣ ወይም ካህናትን በዳራ ማስገባትም ተመሳሳይ ነው። ነጠላው ከገዳም የመጣ ወይም በቤተ ክርስቲያን የታወቀ ያስመስላል። ሰፊ ውሃ፣ ሰማይ፣ ዘንባባ የመሰለ ዳራ ስለ ዕቃው ምንም አይናገርም፤ ስለዚህ እሱ ይመረጣል።

መቼ ይነገር?

መስመሩን የምናሰምረው ገዢው በሚያስበው ላይ ነው። ገዢዋ ምስሉን አይታ «ይህ በካሜራ የተነሳ ነው» ብላ ብታምን፣ እምነቷም ስለ ዕቃው የምታስበውን የሚነካ ከሆነ ይነገራት። ጠርዝ መቁረጥ፣ ብርሃንና ነጭነትን ማስተካከል፣ አቧራ ማጥፋት መናገር አያስፈልገውም። ሸማው ላይ ያለን የክር ጉድለት ማጥፋት ግን ማስተካከል አይደለም፤ ዕቃውን መቀየር ነው፣ እሱን ጨርሶ አታድርጉት። ዳራው ብቻ የተፈጠረ ከሆነ በአጭሩ ይነገር። የለበሰችው ሴት ወይም በሰውነቷ ላይ የወደቀው ጨርቅ ከተፈጠረ ሁልጊዜ ይነገር፤ እንዲህ ያለው ምስልም የመጀመሪያው ምስል አይሁን፣ ከእውነተኛዎቹ ፎቶዎች ኋላ ይምጣ።

ማሳወቅ የተሳሳተ ምስልን አያነጻም። ጥለቱ እጥፍ ሆኖ ከወጣ «በኤአይ የተሠራ» ብሎ መለጠፍ ሳይሆን ምስሉን መጣል ነው የሚገባው።

ቃሉ ምን እንደተፈጠረና ምን እንደ እውነት እንደቀረ ለይቶ ይናገር። ለዳራ፦

«ነጠላው በካሜራ የተነሳ ነው፤ ከኋላው ያለው ሐይቅ በኤአይ የተሠራ ነው።»

ለአለባበስ ምስል፦

«ይህ የአለባበስ ማሳያ በኤአይ የተሠራ ነው። የሚደርስዎትን ነጠላ በ1ኛውና በ2ኛው ፎቶ ይመልከቱ። የጥለቱ ስፋት 7 ሴ.ሜ.።»

በእጅ የተሸመነ ነገር ሁለቱ አንድ ስለማይሆን ሌላም ዓረፍተ ነገር ያስፈልጋል፦ «በፎቶው ያለው ነጠላ ራሱ ይላክልዎታል» ወይም «በፎቶው ያለው ናሙና ነው፤ የሚላክልዎት በዚሁ ጥለት የተሠራ ሌላ ነው።» ይህ ኤአይ ባይኖርም የሚጻፍ ነው፤ ምስሉ ባማረ ቁጥር ግን ይበልጥ ያስፈልጋል።

ቦታው ወሳኝ ነው። ቴሌግራም ላይ አራት ፎቶ በአንድ ላይ ስትለቁ ጽሑፉ ከሁሉም ሥር አንድ ጊዜ ይታያል፤ ገዢዋ አንዱን ምስል ስልኳ ላይ አስቀምጣ ለእኅቷ ስትልከው ጽሑፉ ይቀራል። ስለዚህ አጭሩን «በኤአይ የተሠራ ማሳያ» የሚለውን ምስሉ ላይ ራሱ ጻፉት። ስፋቱ 1080 ፒክስል በሆነ ምስል ላይ ከ36 ፒክስል ያነሰ ፊደል በስልክ ለማንበብ ያስቸግራል፤ የእኛ ፊደል ቅርጹ ብዙ ስለሆነ 40 ቢሆን ይሻላል። ከጥግ ላይ አትለጥፉት፤ አነስተኛ ሆኖ ሲታይ የምስሉ ዳር ይቆረጣል፣ የቲክቶክ ቁልፎችም የታችኛውን ክፍል ይሸፍኑታል። ከጥለቱ ራቅ ብሎ ወደ መሐል ጠጋ ይበል። ቲክቶክ ላይ ስትለቁ በኤአይ መሠራቱን የሚያመለክተውን ማብሪያም አብሩ።

ፋይሉ ውስጥም ምልክት ይቀመጣል። የፎቶ ጋዜጠኞችና አታሚዎች የሚጠቀሙበት አይፒቲሲ የሚባለው ደንብ ለዚህ ቦታ አለው፤ የጎግል የነጋዴዎች መድረክም ይህ ምልክት ከኤአይ ምስሎች እንዳይነቀል ይጠይቃል። እውነተኛ ነጠላ በተፈጠረ ዳራ ላይ ከሆነ ኮምፒውተር ላይ ፋይል ውስጥ መረጃ በሚጽፈው ExifTool በሚባለው ፕሮግራም እንዲህ ይጻፋል፦

```
exiftool -n -XMP-iptcExt:DigitalSourceType="http://cv.iptc.org/newscodes/digitalsourcetype/compositeWithTrainedAlgorithmicMedia" netela-04.jpg
```

ምስሉ ሙሉ በሙሉ የተፈጠረ ከሆነ የመጨረሻውን ቃል በ `trainedAlgorithmicMedia` ተኩት። ይህ ምልክት ለዓይን አይታይም፤ ቴሌግራም ላይ እንደ ፎቶ ሲላክም ይጠፋል፤ እንደ ፋይል ከተላከ ግን ይቆያል። ስለዚህ በጽሑፍ ማሳወቁን አይተካም።

በአገራችን ሕግ በኩል የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 እና የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ስለ ዕቃ የሚያሳስት ማስታወቂያን ይከለክላሉ። ምስሉን ፕሮግራም ሠራው ብሎ ማምለጥ አይቻልም፤ የለጠፈው ሻጩ ነው።

ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ ፎልደር ይኑራችሁ፦ ያልተነኩት አራት ፎቶዎች፣ የዕቃው ወረቀት፣ ለፕሮግራሙ የተጻፈው ትእዛዝና የተለጠፈው ምስል በአንድ ላይ። ገዢ «ጥለቱ በእርግጥ እንዲህ ነው?» ብላ ስትጠይቅ ሌላ የተሠራ ምስል አትላኩላት፤ ነጠላውን ከመደርደሪያ አውርዱ፣ ጥለቱን በእጃችሁ ይዛችሁ ሜትሩን ከጎኑ አድርጉና በቀን ብርሃን አሥር ሰከንድ ቪዲዮ ቀርጻችሁ ላኩላት።